የክሊኒክና የመድኃኒት ቤት ስም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ስሙ ፈውስን ካበሰረ ሕመምተኛው ይረጋጋል።»

ጤነኛ ሰው ይረጋጋ ይሆናል። የምርመራ ውጤት የሚጠብቅ ሰው ግን «ፍጹም ፈውስ» የሚለውን ሰሌዳ እንደ ቃል ኪዳን ያነበዋል። የስኳር ወይም የደም ግፊት ታካሚ ያንኑ ክኒን ሊወስድ በየወሩ ሲመላለስ ደግሞ ስሙ የሚያላግጥበት ይመስለዋል። «ጎረቤት መድኃኒት ቤት» ምንም ቃል አይገባም፤ ቅርብ ነኝ ይላል እንጂ።

«የምናክመውን በሽታ በስሙ ላይ ብንጽፍ ሰው በቀላሉ ያገኘናል።»

ያገኛችኋል፤ ጎረቤቱም አብሮ ያየዋል። ስሙ ከሰሌዳው ወርዶ በመድኃኒት ከረጢቱና በካርዱ ላይ ይታተማል። የአባላዘር በሽታ የሚል ከረጢት ይዞ ታክሲ የሚሳፈር ሰው የለም። የአገልግሎቱ ዝርዝር በር ላይ ቢለጠፍ ይበቃል።

«ትርጉሙ ጥሩ ከሆነ ስሙ ጥሩ ነው።»

ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። አንድ ወዳጄ ክሊኒኩን «ጥላ» ሊለው አስቦ ነበር፤ ከፀሐይ የሚያስጠልል፣ የሚያሳርፍ ማለቱ ነው። እናቱ ስሙን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። «ልጄ፣ ጥላ ወጊ አለ እኮ! በሽተኛ እንዲህ ያለ ደጅ ይረግጣል?» አሉት። እርሳቸው ልክ ነበሩ። የፈራ ሰው ከአንድ ቃል ሁለት ትርጉም ከሰማ ክፉውን ይይዛል።

ቀጥሎ «ዋና»ን አሰበ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ስለማይለይ፣ አላፊ አግዳሚው የመዋኛ ቦታ ነው ብሎ ሊያነበው ይችላል። «ፀሐይ» ደግሞ በ«ፀ»ም በ«ጸ»ም፣ በ«ሐ»ም በ«ሀ»ም ይጻፋል፤ በላቲን ፊደል ሲሆን Tsehay፣ Tsehai፣ Sehay እያለ ይበታተናል። ካርታ ላይ የሚፈልገው አስታማሚ የትኛውን ይጻፍ?

«ሰላም» ቢባልስ? ቃሉ ያሳርፋል፤ ችግሩ በየሰፈሩ መኖሩ ነው። «እማዬ፣ የትኛው ሰላም?» የሚል ልጅ መድኃኒቱን ከሌላ ቤት ሲጠይቅ ይውላል።

በመጨረሻ «ማለዳ» ላይ አረፈ። ሦስት ፊደል ነው፣ አጻጻፉ አንድ ነው፣ የሚጎረብጥ ድምፅ የለውም። ግን ወዲያው አላስመዘገበውም። ለአምስት ሰዎች ደውሎ ስሙን አንድ ጊዜ ብቻ ነገራቸውና እንዲጽፉት ጠየቀ፤ ከዚያ «ምን የሚሠራበት ቤት ይመስላችኋል?» አላቸው። አምስቱም በትክክል ጻፉት፤ አንዷ ግን ዳቦ ቤት መሰላት። ስለዚህ «ክሊኒክ» የሚለው ቃል ከ«ማለዳ» እኩል ጎልቶ እንዲጻፍ አደረገ።

«ከስሙ ጎን ቀይ መስቀል ቢሳል እምነት ይጨምራል።»

በነጭ መደብ ላይ ያለ ቀይ መስቀል የሕክምና ጌጥ ሳይሆን እ.ኤ.አ. በ1949 በጄኔቫ ስምምነቶች የተጠበቀ ዓርማ ነው፤ የግል ክሊኒክ ሊጠቀምበት አይፈቀድም። መስቀል ካስፈለገ በአረንጓዴ ይሳል።