ሦስት ሰዓት፣ አራት ድርሰት፦ ፈተና ላይ ስለ ጊዜ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ጎንደር ላይ የፋይናል ሰሞን ሲደርስ ከላይብረሪ የሚወጣው ሁሉ የሚያወራው ስለ ንባብ ነው። ስንት ቻፕተር እንደቀረው፣ የማን ኖት እንደሚሻል፣ ሌሊት እስከ ስንት ሰዓት እንደቆየ። ሦስቱን የፈተና ሰዓት እንዴት እንደሚከፋፍል የሚያወራ ግን ብዙም አላጋጠመኝም። የታሪክ ፈተና ወረቀት ሳርም ዓመታት አልፈዋል። በደንብ ያነበበ ልጅ ነጥብ ሲጥል የማየው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

አንድ ፈተና እንያዝ። ጠዋት 3 ሰዓት ይጀምራል፣ 6 ሰዓት ያልቃል። ስድስት የድርሰት ጥያቄ አለው፣ አራቱን መርጦ መሥራት ነው፣ እያንዳንዱ 25 ነጥብ ይይዛል። ከተማሪዎች አፍ የምሰማቸውን በዚህ ፈተና ላይ አንድ በአንድ እንያቸው።

"በደንብ የማውቀውን ጥያቄ አፍታትቼ ብጽፍ፣ ሌላው ላይ የጎደለኝን ያካክስልኛል።"

አያካክስም። የዚያ ጥያቄ ጣሪያ 25 ነው፤ አሥር ገጽ ብትጽፉም 26 አይሆንም። ከዚያ በላይ ደግሞ ነጥቡ በደቂቃ እኩል አይመጣም። መጀመሪያ ላይ በፍጥነት ይመጣል፦ ጥያቄውን በቀጥታ ስትመልሱ፣ ሁለት ሦስት ዋና ምክንያት ስታስቀምጡ፣ በማስረጃ ስትደግፉ። ከዚያ በኋላ አንድ ነጥብ ለመጨመር ብዙ መልፋት ይጠይቃል።

በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፣ ወረቀት ሳርም የማየውን መልክ ግን ይዘዋል። አንዷ ተማሪ የምትወደውን ጥያቄ 75 ደቂቃ ጻፈችበት እንበል፣ 21 አገኘች። ሁለተኛው ላይ 55 ደቂቃ ቆየች፣ 18። ሦስተኛውን በ50 ደቂቃ ጨረሰች፣ 17። ሰዓቱ አለቀ፣ አራተኛው ባዶ ቀረ። ድምሩ 56። ጓደኛዋ ለአራቱም እኩል 40 ደቂቃ ሰጠ፤ 18፣ 17፣ 16 እና 14 አገኘ። ድምሩ 65። የሱ ምርጥ መልስ ከሷ ምርጥ መልስ ያነሰ ነው፣ ግን በ9 ነጥብ በልጧታል። እሷ ለመጀመሪያው ጥያቄ የጨመረችው 35 ደቂቃ ያስገኘላት ሦስት ነጥብ ነው፣ ያስከፈላት ደግሞ አንድ ሙሉ ጥያቄ።

"ፕላን ለማውጣት ጊዜ የለም። ወረቀቱ እንደተሰጠ መጻፍ መጀመር ነው።"

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ ነጥብ የሚበላው ይህ ነው።

ሳይታቀድ የተጻፈ መልስ ገና ከመጀመሪያው ገጽ ይታወቃል። ጥያቄው ይህን ይበል፦ ጎንደር ቋሚ የመንግሥት መቀመጫ እንድትሆን ያደረጓትን ምክንያቶች ተንትኑ፤ የትኛው ይበልጥ ወሳኝ እንደነበር ገምግሙ። ተማሪው ወዲያው ይጀምራል፦ አፄ ፋሲለደስ በ1636 እ.ኤ.አ. ከተማዋን ቆረቆሩ። ከዚያ ግንቡን ይገልጻል። ከዚያ ቀዳማዊ ዮሐንስ፣ ከዚያ ቀዳማዊ ኢያሱ፣ ከዚያ እቴጌ ምንትዋብና ቁስቋም። ሦስት ገጽ ሞላ። አንድም ስህተት የለበትም፣ ግን ጥያቄውን አልመለሰም። የተጠየቀው "ለምን" ነው፣ የተጻፈው "ከዚያስ ማን ነገሠ" ነው። "ገምግሙ" የሚለውማ ጭራሽ አልተነካም። እንዲህ ዓይነቱን ወረቀት ሳርም በጣም ይከፋኛል፣ ልጁ ማንበቡን መስመር በመስመር እያየሁ ነጥቡን መስጠት አልችልምና።

ለፕላን የሚያስፈልገው ከ40ው ደቂቃ 7ቱ ብቻ ነው። በመጀመሪያው አንድ ደቂቃ ግሦቹን አስምሩባቸው፤ እዚህ ሁለት ናቸው፣ "ተንትኑ" እና "ገምግሙ"። በቀጣዩ ሦስት ደቂቃ ወደ ጭንቅላታችሁ የመጣውን ሁሉ በአንድ በሁለት ቃል ጣሉት፣ ቅደም ተከተል ሳትፈልጉለት። በሁለት ደቂቃ ከዚያ ውስጥ የማይጠቅመውን ሰርዙ፣ የቀረውን ቁጥር ስጡት። በመጨረሻው አንድ ደቂቃ የመልሳችሁን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ወረቀቱ ጥግ ላይ የሚቀረው እንዲህ ያለ ነገር ነው፦

መልሴ፦ ከሁሉም በላይ ንግድ
1. በፊት፦ ተንቀሳቃሽ የንጉሥ ሰፈር፣ ደንቀዝ
2. ቦታው፦ አንገረብና ቀሃ፣ ለመከላከል የሚመች
3. ሃይማኖት፦ ከሱስንዮስ በኋላ መረጋጋት፣ 1632 እ.ኤ.አ.
4. ንግድ፦ የምፅዋና የስናር መንገድ
5. ለምን ንግድ? ሌሎቹ ከተማዋን ለማስጀመር በቂ ናቸው፣ ለማቆየት ግን አይደሉም

ግንቡ የት ሄደ? ተሰርዟል። ግንቡ የቋሚነቱ ምልክት ነው እንጂ ምክንያቱ አይደለም። ይህን ውሳኔ እጃችሁ እየጻፈ ሳለ መወሰን ከባድ ነው፤ በሰባቱ ደቂቃ ግን ቀላል ነው። አንድ ሰው ከንግድ ይልቅ ሃይማኖቱን ወሳኝ ነው ቢል ችግር የለም፣ አምስተኛው መስመር ላይ ለምን እንደሆነ እስካስረዳ ድረስ።

ከ40ው የቀረው 33 ነው። ሁለቱን ለመጨረሻ ንባብ ተዉት፣ 31 ይቀራል። ለመግቢያ 2፣ ለአራቱ ነጥቦች 6 6 ደቂቃ፣ ለግምገማው 5። በ6 ደቂቃ የሚጻፈው አንድ ደህና አንቀጽ ነው። ስለዚህ አንቀጹ ምን እንደሚል አስቀድሞ ማወቅ ግድ ነው፣ ቆሞ ለማሰብ የሚተርፍ ጊዜ የለም። ፕላን ያላወጣ ሰው የሚቆመው እዚህ ነው። እስኪርቢቶው አየር ላይ፣ ዓይኑ ጣሪያ ላይ፣ ሦስት ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ። ቆጥቤዋለሁ ያለው ጊዜ እዚያ ያልቃል።

"ሰዓቱን መሃል ላይ አየት አደርጋለሁ፣ ከዚያ እፈጥናለሁ።"

መሃል ላይ ማየት ዘግይቷል። በ4:30 የመጀመሪያውን ጥያቄ ገና እየጨረሳችሁ ከሆነ፣ የቀረው አንድ ሰዓት ተኩል ለሦስት ጥያቄ አይበቃም።

የሚሠራው መንገድ ከመጻፋችሁ በፊት የማብቂያ ሰዓቶቹን ራፍ ወረቀት ላይ ማስፈር ነው። ከ3:00 እስከ 3:10 ስድስቱንም ጥያቄ አንብባችሁ አራቱን ምረጡ። ከዚያ አንደኛው መልስ 3:50 ያልቃል፣ ሁለተኛው 4:30፣ ሦስተኛው 5:10፣ አራተኛው 5:50። የመጨረሻው አሥር ደቂቃ መጠባበቂያ ነው። "40 ደቂቃ" ብሎ በልብ መያዝ አይበቃም፤ ጽሑፍ ውስጥ የገባ ሰው መቼ እንደጀመረ ይረሳል። 3:50 የሚል ቁጥር ዓይናችሁ ሥር ካለ ግን ማስላት አያስፈልግም። ስልክ ስለማይገባ የእጅ ሰዓት ያዙ። ዲጂታል ከሆነና 9:00 የሚያሳይ ከሆነ ማታውኑ ወደኛ ሰዓት አስተካክሉት፣ ተጨንቆ ስድስት መቀነስ ሰው ያሳስታል።

3:50 ደርሶ መልሱ ካላለቀስ? የመደምደሚያውን አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፣ ግማሽ ገጽ ባዶ ተዉና ወደ ቀጣዩ እለፉ። ያ አሥር ደቂቃ ለዚህ ነው የተቀመጠው፣ በ5:50 ትመለሱበታላችሁ። ለዚህም ነው እያንዳንዱን መልስ በአዲስ ገጽ መጀመር የሚሻለው።

ነጥቡ እኩል ካልሆነ ክፍፍሉም እኩል አይሆንም። ሦስት ጥያቄ ቢሆንና 40፣ 30፣ 30 ቢይዙ፣ ያው 160 ደቂቃ ለ64፣ 48 እና 48 ይከፈላል። አንድ ነጥብ ማለት አንድ ደቂቃ ከ36 ሴኮንድ ነው። ጥያቄው "ሀ" እና "ለ" ካለውም በውስጡ እንደዚያው ነው፤ ለ10 ነጥቧ "ሀ" ሁለት ገጽ ጽፎ ለ15ቷ "ለ" አራት መስመር የሚሰጥ ብዙ ነው።

"ከተራ ቁጥር አንድ ጀምሮ በቅደም ተከተል መሄድ ነው ያለበት።"

መመሪያው እንዲያ ካላለ የለበትም። የጥያቄውን ቁጥር በትልቁ ጻፉ እንጂ የትኛው እንደቀደመ ለአራሚው ለውጥ የለውም። እኔ የምመክረው ሁለተኛ የምታውቁትን ማስቀደም ነው። ምርጡን ካስቀደማችሁ 3:50 ላይ ማቆም ያቅታችኋል፤ ገና ብዙ የምትሉት አለና። ደካማውን ሦስተኛ አድርጉት። መጨረሻ ላይ እጅም አእምሮም ሲደክም ያኔ የምታውቁት ይሻላል።

"አሥር ደቂቃ ከቀረ አዲስ ጥያቄ መጀመር ዋጋ የለውም፤ የጻፍኩትን ባሳምር ይሻላል።"

ባዶ ገጽ ዜሮ ነው፣ ሌላ የሚሰጠው ነገር የለም። አሥር ደቂቃ ደግሞ ፕላን ለመጻፍ ይበቃል፤ ቅድም ያየነው ዓይነት አምስት መስመር ማለት ነው። ልዩነቱ አሁን ለአራሚው እንዲገባው አድርጋችሁ መጻፋችሁ ነው። በመጀመሪያ መልሱን በአንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር። ከዚያ ነጥቦቹን በቁጥር፣ ከእያንዳንዱ ጎን "ምክንያቱም" የሚል ግማሽ መስመር ጨምሩ። መግቢያ አያስፈልግም፣ "ከጥንት ጀምሮ" የሚል ነገር ውስጥ አትግቡ። ለቅርጹ የተመደበውን ነጥብ ታጣላችሁ፣ ለይዘቱ ግን የሚሰጣችሁ ይኖራል። ምን ያህል እንደሚሰጥ ከመምህር መምህር ይለያያል፣ አንዳንዱ ሙሉ አንቀጽ ካልሆነ ይጨክናል።

አንድ ወረቀት ትዝ ይለኛል። አራተኛው ጥያቄ ላይ "ለዚህም ዋናው ምክንያት" ይልና ያልቃል። ፈታኙ "እስኪርቢቶ አስቀምጡ" ያለው እዚያ ላይ መሆኑ ያስታውቃል። ከዚያ በላይ ስድስት መስመር መግቢያ አለ፣ ስለ ዘመኑ አጠቃላይ ሁኔታ። ዋናውን ምክንያት ልጁ ያውቀው እንደነበር እርግጠኛ ነኝ፤ ሌላ ጥያቄ ውስጥ በሌላ አጋጣሚ ጠቅሶታል። እዚህ ግን መስመሩ ላይ የለም፣ ስለሌለም ነጥብ ልሰጠው አልቻልኩም።