«72 ዲፒአይ ነው፣ 300 አድርጉት» ሲሏችሁ

ለግድግዳ ፍሬም ፎቶ ልታሳትሙ ስትሄዱ «ይሄ 72 ዲፒአይ ነው፣ 300 አድርጋችሁ አምጡ» ልትባሉ ትችላላችሁ። ዲፒአይ ማለት በአንድ ኢንች ወረቀት ላይ የሚያርፈው የፒክስል ብዛት ነው። ቁጥሩን ኮምፒውተር ላይ መቀየር ቀላል ነው። ፒክስሉ ያው ከሆነ ግን የተለወጠ ነገር የለም። ፋይሉ ላይ የሰፈረው ዲፒአይ ተራ ማስታወሻ ነው። እውነተኛው የሚታወቀው የወረቀቱ መጠን ሲወሰን ነው፤ ፒክስሉን ለኢንች ማካፈል ብቻ ነው።

በስልክ የተነሳ 4000 በ3000 ፒክስል የሰርግ ፎቶ አለ እንበል። ፍሬሙ 60 በ45 ሳንቲሜትር ነው። 60 ሳንቲሜትር ማለት 23.6 ኢንች ገደማ ነው። 4000 ለ23.6 ሲካፈል 170 አካባቢ ይመጣል። 300 አልሞላም። ታዲያ ይበላሻል? ኧረ በጭራሽ።

300 የሚፈለገው አልበም ይዘን ከ30 ሳንቲሜትር ርቀት ስናይ ነው። ዲፒአዩ ከ300 በላይ ቢሆን ዓይን ልዩነቱን ብዙም አይለየውም። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚያስፈልገው በግማሽ ይቀንሳል። በ60 ሳንቲሜትር 150፣ በአንድ ሜትር ደግሞ 90 ገደማ ይበቃል። ከሶፋ በላይ የተሰቀለን ፎቶ ማን አፍንጫውን አስጠግቶ ያያል? ጠባብ ኮሪደር ላይ ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ጣጣው ያው ፎቶ በቴሌግራም ሲመጣ ነው። እንደ ፎቶ ከተላከ ብዙ ጊዜ ረጅሙ ጎን ወደ 1280 ፒክስል ይወርዳል። ለ23.6 ሲካፈል 54 ብቻ! በአንድ ሜትር ርቀት የሙሽራዋ ሽፋሽፍት ይደበዝዛል፣ የቀሚሷ ጥልፍም ይቀላቀላል። ከማሳተማችሁ በፊት ፎቶው እንደ ፋይል እንዲላክላችሁ ጠይቁ።