ለድምፃዊ የሚመች ኪይ እና ቴምፖ ምንድን ነው?

«ጋሼ፣ ትንሽ ዝቅ ቢያደርጉልኝ?» ኪቦርድ ለሚጫወት ሰው በልምምድ ላይ ከዚህ በላይ የተለመደ ልመና የለም። «ትንሽ» ስንት እንደሆነ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ብዙዎቻችን የኪቦርዱን ድምፅ በሙሉ ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን የትራንስፖዝ ቁልፍ ሁለት ጊዜ ወደ ታች ተጭነን፣ «አሁንስ?» ብለን እንቀጥላለን።

ኪይ ማለት ዜማው ዞሮ ዞሮ የሚያርፍበት ድምፅ የሚገኝበት ከፍታ ነው። ትዝታ ከዲ ቢነሣም ከሲ ቢነሣም ያው ትዝታ ነው፤ ድምፆቹ አንድ ላይ ይወጣሉ፣ አንድ ላይ ይወርዳሉ እንጂ በመካከላቸው ያለው ርቀት አይለወጥም። መቁጠሪያው ግማሽ ድምፅ ነው፤ ኪቦርድ ላይ ጥቁሮቹን ሳንዘል ከአንዱ ቁልፍ ወደሚቀጥለው የምንሄደው ርምጃ ማለት ነው። አሥራ ሁለቱ አንድ ኦክታቭ ይሞላሉ። አዝማሪ ይህን ሁሉ መቁጠር አያስፈልገውም። የማሲንቆውን ጭራ የሚወጥረው በራሱ ጉሮሮ ልክ ስለሆነ ኪዩ ሁልጊዜ የእሱ ነው። ችግሩ የሚመጣው አንዱ ለራሱ ድምፅ የለካውን ዘፈን ሌላው ሲለብሰው ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይምታታሉ። አንድ ድምፃዊ የሚደርስበት ከፍታ አለ፤ ሳይቸገር የሚቆይበት ከፍታ ደግሞ ሌላ ነው። ጣራውን በእጁ የሚነካ ሰው እጁን እዚያው ሰቅሎ አይውልም። ስለዚህ «እስከ የት ትወጫለሽ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን ብዙም አይጠቅምም። ዘፈኑ አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው የት ላይ ነው? አዝማቹስ ስንት ጊዜ ይመለሳል? ዋናው ጥያቄ ይህ ነው።

አንድ ጊዜ የገጠመኝን ላንሣ። ለሠርግ ምሽት የምትዘጋጅ ልጅ፣ ወንድ ድምፃዊ በዲ የተጫወተውን ዝግ ያለ የትዝታ ዜማ መረጠች። ዜማው ከመነሻው ዶ በታች ወዳለው ሶል አንድ ጊዜ ይወርዳል፤ ወደ ላይ ደግሞ እስከ ላይኛው ዶ ይሄዳል። በወንዱ ከፍታ ለእርሷ እጅግ ዝቅ ስለሚል አንድ ኦክታቭ ከፍ አድርጋ ጀመረችው። ታችኛው ሶል ጥርት ብሎ ወጣ፤ ላይኛውን ዶም ነካችው። ሁላችንም ተደሰትን። ሦስተኛው አዝማች ላይ ግን አገጭዋ ወደ ላይ ተነሣ፣ የአንገቷ ሥር ተገተረ፣ ድምፁም ዘፈን መሆኑ ቀርቶ ጥሪ መሰለ። አዝማቹ በላ እና በላይኛው ዶ መካከል ብቻ የሚመላለስ ነበርና ያለ እረፍት ጣራዋ ላይ አቆያት።

ሁለት ግማሽ ድምፅ አውርደን ሲ ላይ ሞከርነው። ጩኸቱ ቀነሰ፤ ሦስተኛው አዝማች ላይ ግን የአንገቷ ሥር እንደገና ታየ። ሦስት ብናወርደው ቢ ላይ ያርፋል፤ ይህን ኪቦርድ በአንድ ቁልፍ ይጨርሰዋል፣ ነፋሾቹ ግን ይቸገራሉ። የእነርሱ መሣሪያ ያንኑ ድምፅ ከኪቦርድ በተለየ ስም ስለሚጠራው ቢ ለጥሩምባ ሲ ሻርፕ፣ ለአልቶ ሳክስፎን ደግሞ ጂ ሻርፕ ይሆናል፤ በልምምድ ሰዓት እንዲህ ያለ ኪይ ላይ ጓደኞችን ማስገባት ጠብ መፈለግ ነው። አራት አውርደን ቢ ፍላት ላይ ስንደርስ ጥሩምባው ወደ ሲ፣ አልቶው ወደ ጂ መጡና ፊታቸው ተፈታ። አዝማቹም ለልጅቷ ንግግር ከሚመስል ከፍታ ትንሽ ብቻ ከፍ ብሎ ተቀመጠ።

ዋጋ ግን አስከፍሏል፤ ታችኛው ሶል ደበዘዘ። በመላው ዘፈን አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣ ድምፅ ስለሆነ ግን ማይክሮፎኑን አስጠግታ በዝግታ ብትለው ይሰማል። የደከመ ዝቅተኛ ድምፅን ማይክሮፎን ያነሣዋል፤ የተጨነቀ ከፍተኛ ድምፅን ግን ጭንቀቱን ጨምሮ ያጎላዋል። ከሁለቱ አንዱን መሠዋት ካለብኝ ሁልጊዜ ታችኛውን እሠዋለሁ።

ቴምፖውስ? ቴምፖ በደቂቃ ውስጥ የሚመታው የምት ብዛት ነው፤ ለድምፃዊ ግን ከሁሉ በፊት የትንፋሽ ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው ቅጂ በደቂቃ 60 ምት ላይ ነበር። አንዱ የግጥም መስመር 16 ምት ስለሚወስድ 16 ሴኮንድ ይፈጃል። ልጅቷ አሥራ ሦስት ሴኮንድ አካባቢ ስትደርስ አየሯ እያለቀ አንዱን ቃል ለሁለት ሰብራ ትተነፍስ ነበር። ቃል መሀል ላይ የሚወሰድ ትንፋሽ ቴምፖው እንደዘገየ የሚያሳብቅ ምልክት ነው። ወደ 72 ስናነሣው ያው መስመር 13 ሴኮንድ ከምናምን ሆነ። ግጥሙ የወል ቤት ስለነበር ስድስተኛው ቀለም ላይ በተፈጥሮው ማረፊያ አለው፤ እዚያ ላይ አጭር ትንፋሽ እንድትሰርቅ ተስማማንና ቀሪውም ተፈታ።

ከዚህ የምንረዳው ኪይ እና ቴምፖ ተያይዘው እንደሚሄዱ ነው። ላይኛው ዶ ስድስት ምት የሚያዝበት ቦታ ነበር፤ በ60 ስድስት ሴኮንድ፣ በ72 አምስት ሴኮንድ ነው። አንዳንዴ ኪዩን ሳይነኩ ቴምፖውን ብቻ ማንሣት ጣራው ላይ ያለውን ቆይታ አሳጥሮ ያድናል። በተቃራኒው ኪይ ሲወርድ ዘፈኑ ድብት ይላል፤ ትንሽ ማፍጠን ያን ይክሳል።

ማፍጠንም ልክ አለው፤ ልኩን የሚነግረን ደግሞ ቋንቋችን ነው። በአማርኛ «አለ» ሲላላ መናገር፣ ሲጠብቅ መኖር ነው፤ «ገና»ም ሲጠብቅ በዓል ይሆናል። የሚጠብቀው ድምፅ ጊዜ ይፈልጋል። ቴምፖው ሲበዛበት መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው፤ ቀጥሎ ቀ፣ ጠ እና ጨ ይለሰልሳሉ። ስለዚህ ቴምፖ ስመርጥ ዘፈኑን ጨርሶ የማያውቅ ሰው አስቀምጬ ግጥሙን ሰምቶ እንዲደግምልኝ አደርጋለሁ። ቃል ካመለጠው ፈጥነናል።

ልኬታው ራሱ የሚበላሽበት መንገድም አለ። ድምፃዊ ተቀምጦ፣ በለሆሳስ፣ ገና ሳይሟሟቅ ከተለካ ውጤቱ ሐሰት ነው፤ በለሆሳስ ቀላል የመሰለ ከፍታ በሙሉ ድምፅ ይከብዳል። ቆሞ፣ ከባንዱ ጋር፣ አዝማቹን ሦስት ጊዜ በተከታታይ ይበለው። ሦስተኛው እንደ መጀመሪያው ከተሰማ ኪዩ ተገኝቷል። መድረክ ላይ ደግሞ ልብ ስለሚመታ ሁላችንም እንፈጥናለን፤ ከበሮ መቺው ከመጀመሩ በፊት ሜትሮኖሙን አንድ ጊዜ በጆሮው ቢሰማ ይመረጣል።

ዘፈኑ ካለቀ በኋላ የትራንስፖዙን ቁልፍ ወደ ዜሮ መመለስ አይረሳ። እኔ ያን ምሽት ረስቼው ቀጣዩን ዘፈን ቤዝ ጊታሩ በአንድ ኪይ፣ እኔ አራት ግማሽ ድምፅ ዝቅ ብዬ ጀመርነው። ሙሽራው ዞር ብሎ አየኝ።