ማጣሪያና ነጥብ ለየቅል ናቸው

ለደብረ ብርሃኑ የሂሳብ ሠራተኛ ቦታ ፋይል የምታጣሩ ባልደረቦቼ፣ "ልምዱ ትንሽ ይጎድላል፣ ግን ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ላይ ጎበዝ ነው፤ እናሳልፈው?" የሚለው ጥያቄ ስለተደጋገመ ልግለጸው።

ማጣሪያ መስፈርት መልሱ አለ ወይም የለም ብቻ ነው። እዚህ ቦታ ላይ ሁለት ናቸው፦ በአካውንቲንግ ዲግሪ፣ እና ከምረቃ በኋላ የ2 ዓመት የሂሳብ ሥራ ልምድ። አንዱ ከጎደለ ፋይሉ እዚያው ይቆማል። ነጥብ አይሰጠውም፣ በሌላ ችሎታም አይካካስም።

አንድ አመልካች ከግንቦት 1 ቀን 2015 እስከ ጥር 1 ቀን 2017 ሠርቷል እንበል። 20 ወር ነው፤ አያልፍም። ፒችትሪ ቢያውቅም ያው ነው። ያሳዝናል፣ አውቃለሁ። ግን 20 ወር ኖሮት ማስታወቂያውን አንብቦ ሳያመለክት የቀረ ሰውም አለ። እሱን መበደል ይሆናል።

ሌላዋ 4 ዓመት አላት። የመጀመሪያው 2 ዓመት በሩን ከፍቶላታል፤ ደግሞ ነጥብ አያስገኝላትም። ከዚያ በላይ ላለው ለየዓመቱ 5 ነጥብ፣ እስከ 20 ድረስ። ስለዚህ የልምድ ነጥቧ 10 ነው። ብዙዎቻችሁ 20 የሰጣችሁት ከዜሮ ጀምራችሁ ስለቆጠራችሁ ነው፤ እባካችሁ አስተካክሉት።

ልምድ የሚቆጠረው ማስታወቂያው እስከተዘጋበት ቀን ነው። የሥራ ልምድ ደብዳቤው የተጀመረበትና ያበቃበት ቀን ከሌለው አትገምቱ፤ ለብቻ አስቀምጡትና ለኔ አሳዩኝ።

የነጥቡ ክፍፍል ለሌላ ቦታ ሊለያይ ይችላል። ማጣሪያው ግን ማስታወቂያ ከወጣ በኋላ ለማንም አይነካም።