«ከፍያለሁ» ብቻ አይበቃም፦ ለግብር ቢሮ በሚጻፍ ማመልከቻ ላይ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ለግብር ቢሮ እንዲህ ብዬ ጽፌ ነበር፦ ‘ባለፈው ወር ወደ 18 ሺህ ብር ገደማ ከፍያለሁ፤ ማስረጃውንም አያይዣለሁ። ይሁን እንጂ ዕዳ አለብህ ተብያለሁና ጉዳዬ ታይቶ እንዲስተካከልልኝ እጠይቃለሁ።’ የተሰጠኝ መልስ ‘ማመልከቻዎ ግልጽ አይደለም’ የሚል ብቻ ነው። ምኑ ነው ግልጽ ያልሆነው?»

ሦስት ነገሮች ግልጽ አይደሉም፦ ክፍያው የየትኛው ጊዜ ግብር እንደሆነ፣ በትክክል ስንት እንደሆነ እና በየትኛው የደረሰኝ ቁጥር ገቢ እንደተደረገ። የሒሳብ ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ እንዲህ ያሉ ማመልከቻዎችን እጅግ ብዙ ጊዜ አንብቤአለሁ፤ ሁሉም የሚነሡት ከእነዚያው ጥቂት የተሳሳቱ እምነቶች ነው። እውነት ለመናገር አንዱ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥ አሰልችቶኛልና ከእርሱ እጀምራለሁ።

«የከፈልኩበትን ቀን ከጻፍኩ ጊዜውን ገልጫለሁ»

አልገለጹም። የከፈሉበት ቀን ገንዘቡ ከእጅዎ የወጣበት ቀን ነው፤ የግብር ጊዜ የሚባለው ደግሞ ግብሩ የሚመለከተው ወር፣ ሩብ ዓመት ወይም ዓመት ነው። በየወሩ በሚከፈል ግብር ላይ ወሩ ሳያልቅ ሒሳቡ ስለማይታወቅ፣ የአንዱ ወር ግብር የሚከፈለው በተከታዩ ወር ነው። ስለዚህ «ባለፈው ወር ከፍያለሁ» የሚለው ዓረፍተ ነገር አንባቢውን ሁልጊዜ ወደ ተሳሳተው ወር ይመራዋል ማለት ይቻላል።

ጉዳዩ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስልዎ፣ የአንድ ግብር ከፋይ ሒሳብ በቢሮው እንዴት እንደሚያዝ ማወቅ ያስፈልጋል። ሒሳቡ አንድ ድምር አይደለም። በመጀመሪያ በግብር ዓይነት ይከፋፈላል፤ ቀጥሎ እያንዳንዱ የግብር ዓይነት በጊዜ ይከፋፈላል። የጥር ወር ተጨማሪ እሴት ታክስ የራሱ መደብ አለው፤ የየካቲትም እንዲሁ። እያንዳንዱ ክፍያ ከእነዚህ መደቦች በአንዱ ላይ ይመዘገባል፣ የሚመዘገበውም በክፍያ ሰነዱ ላይ በተሞላው ጊዜ መሠረት ነው።

ከላኩልኝ ሰነዶች እንደተረዳሁት በእርስዎ ላይ የደረሰው ይህ ነው። የጥር ወር 2017 ዓ.ም. ግብርዎን የካቲት 18 ቀን ከፍለዋል፤ ሰነዱን የሞላው ሰው ግን «የግብር ጊዜ» በሚለው ቦታ ላይ ጥርን መጻፍ ሲገባው የዕለቱን ወር በማሰብ የካቲትን ጻፈ። ገንዘቡ አልጠፋም፤ የካቲት ላይ በብልጫ ተቀምጧል። የጥር መደብ ግን ባዶ ስለሆነ ዕዳ ያሳያል፣ በዕዳውም ላይ ወለድ ይቆጠራል። የዕዳ ማስታወቂያውን ያዘጋጀው ባለሙያ የተመለከተው የጥርን መደብ ብቻ ስለሆነ ከመዝገቡ አንጻር ትክክል ነው። እርስዎ ወሩን በስሙ ጠርተው ካልነገሩት፣ ወደ የካቲት ተሻግሮ የሚያይበት ምክንያት የለውም።

እንዲህ ያለ ስሕተት መሆኑን ከመጻፍዎ በፊት ማወቅ ይቻላል። በማስታወቂያው ላይ «ፍሬ ግብር»፣ ማለትም ቅጣትና ወለድ ያልተጨመረበት ዋናው ግብር፣ ተብሎ የተጻፈው መጠን እርስዎ ከከፈሉት ጋር እኩል ከሆነ፣ ክፍያው ሌላ ጊዜ ላይ ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል ብሎ መጠርጠር ይገባል። ቀጥሎ ከግብር ቢሮው የሒሳብ መግለጫ ይጠይቁና ከፊትና ከኋላ ያሉትን ወራት ይመልከቱ። በአንዱ ላይ ያው መጠን በብልጫ ተቀምጦ ካገኙት የሚጽፉት የማዛወር ጥያቄ ነው። የትም ካላገኙት ግን ክፍያው በሌላ የግብር ዓይነት ወይም በሌላ ሰው መለያ ቁጥር ላይ ገብቶ፣ አለበለዚያም ከባንክ ጭራሽ ሳይተላለፍ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ጥያቄው «ይዛወርልኝ» ሳይሆን «የት እንደተመዘገበ ይገለጽልኝ» መሆን አለበት። አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፦ ብልጫው በመሐል ለየካቲት ወር ግብር ተቀናንሶ ከሆነ፣ ወደ ጥር ሲዛወር የካቲት ላይ ዕዳ ይከፈታል። ይህንንም አይተው ይጻፉ።

ስለ ጊዜ ሳነሣ «ሁለተኛው ሩብ ዓመት» ብለው የሚጽፉ ሰዎችን ሳልጠቅስ አላልፍም። አንድ ደንበኛዬ እንዲህ ብሎ ጽፎ ወራት ባከነበት። እርሱ ያሰበው ሐምሌ 1 የሚጀምረውን የበጀት ዓመት ስለነበረ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ማለቱ ነበር፤ ማመልከቻውን የተቀበለው ባለሙያ ግን ዓመቱን ከመስከረም ቆጥሮ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለውን ፈተሸ። ሁለቱ የሚጋሩት ታኅሣሥን ብቻ ነው። ባለሙያው «የተባለው ክፍያ አልተገኘም» ብሎ መለሰ፤ ደንበኛዬም ተቆጥቶ ያንኑ ቃል ደግሞ ጻፈ። በሦስተኛው ማመልከቻ ላይ «ከጥቅምት 1 ቀን እስከ ታኅሣሥ 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ድረስ ያለው ጊዜ» ብለን ስንጽፍ ክፍያው ተገኘ። የመነሻና የመድረሻ ቀን መጻፍ ግማሽ መስመር አይፈጅም።

«ገንዘቡን በግምት ብጠቅስ እነርሱ ከመዝገባቸው ያገኙታል»

ባለሙያው የሚፈልገው በቁጥር ነው፤ «ወደ 18 ሺህ ገደማ» የሚባል ቁጥር ደግሞ የለም። ከዚህ የባሰው ትክክለኛ መስሎ የሚሳሳት መጠን ነው። ከሒሳብዎ የተቀነሰው 18,265.00 ብር ነው፤ ከዚህ ውስጥ 25.00 ብሩ የባንክ አገልግሎት ክፍያ ስለሆነ ለግብር ቢሮው የደረሰው 18,240.00 ብር ብቻ ነው። የባንክ መልእክቱን አይተው 18,265 ብለው ቢጽፉ ኖሮ በቢሮው መዝገብ ውስጥ ይህን የሚመስል ክፍያ አይገኝም ነበር። የሚጻፈው በደረሰኙ ላይ ያለው መጠን ነው፣ ከነሳንቲሙ። በአንድ ክፍያ ውስጥ ፍሬ ግብር፣ ቅጣትና ወለድ ተጠቃልለው ከሆነ ጠቅላላውን ይጻፉና ዝርዝሩን ለየብቻ ያስቀምጡ፤ የሁለት ወር ግብር በአንድ ጊዜ ከተከፈለም ለየትኛው ወር ስንት እንደሆነ ይለዩ።

«ደረሰኙን ካያያዝኩ ቁጥሩን መጻፍ አያስፈልግም»

አባሪ ከማመልከቻው ሊነጠል ይችላል። መዝገብ ቤት ላይ ይነጠላል፣ ሲታጠፍ ይቀደዳል፣ ስካን ሲደረግ የታችኛው መስመር ይቆረጣል። በሙቀት በሚታተም ወረቀት ላይ የወጣ ደረሰኝ ደግሞ ጥቂት ወራት ሲቆይ ጽሑፉ ይደበዝዛል። በማመልከቻው ውስጥ የተጻፈ ቁጥር ግን ማመልከቻው ባለበት ሁሉ አብሮ አለ።

የትኛውን ቁጥር ነው የሚጽፉት? በእጅዎ ያሉት ወረቀቶች ብዙ ቁጥር አላቸው፦ የክፍያ ማዘዣ ቁጥር፣ የባንክ ዝውውር ቁጥር እና የገቢ ደረሰኝ ቁጥር። ማዘዣው መክፈል እንዳለብዎ የሚገልጽ እንጂ መክፈልዎን የሚያሳይ አይደለም። የባንኩ ቁጥር ገንዘቡ ከሒሳብዎ መውጣቱን ያሳያል። ግብር ቢሮው ተቀብያለሁ ያለበት ቁጥር የገቢ ደረሰኙ ነውና ዋናው እርሱ ነው፤ የባንኩን ከሥር በስሙ ጠርተው ይጨምሩት። ሲገለብጡም መነሻ ላይ ያሉትን ዜሮዎች አይጣሉ፤ 0047318 እና 47318 ለሰው ዓይን አንድ ቢመስሉም ለፍለጋ ላይመሳሰሉ ይችላሉ። ቁጥሩን ከጻፉ በኋላ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እያነበቡ ከደረሰኙ ጋር ያመሳክሩት፤ በዚህ መንገድ የተዘዋወረ አኃዝ ቶሎ ይታያል።

እንግዲህ የእርስዎ ማመልከቻ እንደገና ሲጻፍ ይህን ይመስላል፦

«ጉዳዩ፦ የጥር ወር 2017 ዓ.ም. የተጨማሪ እሴት ታክስ ክፍያ ወደ ትክክለኛው የግብር ጊዜ እንዲዛወር ስለመጠየቅ

ከጥር 1 ቀን እስከ ጥር 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ድረስ ላለው የግብር ጊዜ የሚፈለግብኝን ተጨማሪ እሴት ታክስ ብር 18,240.00 (አሥራ ስምንት ሺህ ሁለት መቶ አርባ ብር) የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም. በገቢ ደረሰኝ ቁጥር 0047318 ከፍያለሁ። ሆኖም ክፍያው በየካቲት ወር የግብር ጊዜ ላይ ስለተመዘገበ፣ መጋቢት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. በተጻፈ ማስታወቂያ ለጥር ወር ያው መጠን በዕዳነት ተጠይቄአለሁ። ስለዚህ ክፍያው ከየካቲት ወደ ጥር ወር እንዲዛወርልኝ፣ በዚሁ ምክንያት የታሰበው ወለድ እንዲታይልኝ እና ውጤቱ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አባሪ፦ የደረሰኙ ቅጂ 1 ገጽ፣ የዕዳ ማስታወቂያው ቅጂ 1 ገጽ፣ የሒሳብ መግለጫ 1 ገጽ።»

ስምዎና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርዎ ከላይ፣ ፊርማዎና ቀኑ ከታች ይገባሉ። ከቀድሞው ማመልከቻ ብዙም አይረዝምም። ልዩነቱ «ጉዳዬ ይታይልኝ» የሚለው ቃል ቀርቶ፣ ባለሙያው ማድረግ ያለበት አንድ ሥራ በስሙ መጠራቱ ነው።

የቀሩትን በአጭሩ ልለፋቸው።

«ሁሉንም ችግሬን በአንድ ማመልከቻ ብጽፍ ይቀለኛል» የተለያዩ የግብር ዓይነቶች በተለያዩ ባለሙያዎች እጅ ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ ለእያንዳንዱ ጉዳይ የራሱን ማመልከቻ ይጻፉ።

«ስሜ ከተጻፈ መለያ ቁጥሩ ትርፍ ነው» በስም የሚመሳሰሉ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ መለያ ቁጥሩ ግን የእርስዎ ብቻ ነው።

«ዋናውን ደረሰኝ ካላስገባሁ አያምኑኝም» ዋናውን አሳይተው ቅጂውን ያስገቡ፤ በሕግ ካልተገደዱ በስተቀር ዋናውን ከእጅዎ አይልቀቁ።

«ካስገባሁ በኋላ መጠበቅ ብቻ ነው» ማመልከቻውን ሲያስገቡ በሚቀርልዎ ቅጂ ላይ መዝገብ ቤቱ የገቢ ቁጥርና ቀን እንዲያሰፍርበት ይጠይቁ፤ በኋላ ክትትል ሲያደርጉ የሚጠሩት ያን ቁጥር ነው። በማስታወቂያው ላይ የቅሬታ ማቅረቢያ ቀነ ገደብ ተጽፎ ከሆነም፣ የማዛወር ጥያቄ ማስገባትዎ ገደቡን ያራዝመዋል ብለው አያስቡ፤ ቀኑ ከመድረሱ በፊት መልስ ካላገኙ ቅሬታውን ለብቻው ያስገቡ፣ በእርሱም ላይ ያንኑ ጊዜ፣ ያንኑ መጠንና ያንኑ የደረሰኝ ቁጥር ሳይቀይሩ ይድገሙ።