ሃርትቢት ሞኒተሪንግ ምንድን ነው? ጭራሽ ያልተነሳ ሥራ ኤረር አይልክም

በየሌሊቱ የዳታቤዝ ባካፕ የሚወስድ ስክሪፕት አላችሁ እንበል። ሲበላሽ ኢሜይል እንዲልክ አድርጋችሁታል። ጥሩ ነው፤ ግን ኢሜይሉን የሚልከው ያው ስክሪፕቱ ነው። ጭራሽ ካልተነሳስ? ማንም ምንም አይልክም። ኢንቦክሱ ጭር ይላል፣ እናንተም ሁሉ ሰላም ነው ብላችሁ ትተኛላችሁ። ባካፑ እንደሌለ የምታውቁት ባካፕ ያስፈለጋችሁ ቀን ነው።

ሃርትቢት ሞኒተሪንግ ነገሩን ይገለብጠዋል። ሥራው በሰላም ባለቀ ቁጥር ሌላ ቦታ ላለ ተቆጣጣሪ አጭር ምልክት ይልካል፤ ይህ ፒንግ ይባላል። ፒንጉ በሰዓቱ ካልመጣ ተቆጣጣሪው ይጮኻል። ዴድ ማንስ ስዊች የሚሉትም ይህንኑ ነው። ባቡር ላይ ሾፌሩ ፔዳሉን ከለቀቀ ባቡሩ በራሱ ይቆማል፣ ለምን እንደለቀቀው አይጠይቅም። ዋናው ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱን ቀድማችሁ መገመት የለባችሁም።

ምክንያቱ ደግሞ ብዙ ነው። በጣም የተለመደውን ልንገራችሁ። ሲስተሙ ወደ አዲስ ሰርቨር ይዛወራል። ኮዱ ከጊት ይወርዳል፣ ዳታቤዙ ይገለበጣል፣ ሳይቱ ይሠራል። ክሮን የሚባለው ፕሮግራም በየሰዓታቸው የሚያስነሳቸው ሥራዎች ዝርዝር፣ ማለትም ክሮንታቡ፣ ግን ኮዱ ጋር ስላልነበረ አሮጌው ሰርቨር ላይ ይቀራል፣ ሰርቨሩ ሲዘጋም አብሮ ይጠፋል። ሌላም አለ። `crontab -e` ለመጻፍ የፈለገ ሰው `crontab -r` ከነካ ሁሉም መስመር ይጠፋል፣ ብዙ ጊዜ "እርግጠኛ ነህ?" እንኳን ሳይባል (`e` እና `r` ኪቦርዱ ላይ ጎን ለጎን ናቸው)። ዴቢያን ላይ ደግሞ `/etc/cron.d` ውስጥ `backup.sh` ብላችሁ ፋይል ብታስቀምጡ፣ ስሙ ውስጥ ነጥብ ስላለ ብቻ ክሮን ፋይሉን ዘሎት ያልፋል።

አሠራሩ አንድ መስመር ነው፦

```
0 2 * * * /opt/backup.sh && curl -fsS -m 10 --retry 5 -o /dev/null https://monitor.example/abc123
```

`&&` ላይ ጠንቀቅ በሉ። ፒንጉ የሚላከው ስክሪፕቱ በስኬት ካለቀ ብቻ ነው። በእሱ ቦታ `;` ካስገባችሁ ባካፑ ቢከሽፍም ፒንጉ ይሄዳል፣ ተቆጣጣሪውም በደስታ አረንጓዴ ያሳያችኋል። `-m 10` ተቆጣጣሪው መልስ ካልሰጠ `curl` ለዘላለም ቆሞ እንዳይጠብቅ ነው።

ግን ስክሪፕቱ ራሱ "ተሳክቷል" ብሎ ሊዋሽ ይችላል። ይህቺን መስመር እዩ፦

```
pg_dump shop | gzip > /backup/shop.sql.gz
```

`pg_dump` ገና ሲጀምር ቢወድቅ እንኳ `gzip` ባዶውን ጨምቆ በሰላም ይጨርሳል፣ ባሽ ደግሞ የሚቆጥረው የመጨረሻውን ትዕዛዝ ውጤት ነው። የሚቀራችሁ 20 ባይት የሆነ፣ ውስጡ ምንም የሌለው ፋይል ነው። ስለዚህ ስክሪፕቱ አናት ላይ `set -euo pipefail` ይግባ። እኔ ብሆን ከዚህም አልፌ፣ ፋይሉ ከሚጠበቀው መጠን ካነሰ ስክሪፕቱ በስህተት እንዲወጣ አደርጋለሁ።

ቀጥሎ ተቆጣጣሪው ላይ ሁለት ነገር ትሞላላችሁ፦ ሥራው መቼ መቼ እንደሚነሳ እና እስከ ስንት ደቂቃ መዘግየት እንደሚፈቀድለት። ባካፑ 02:00 ተነስቶ ብዙውን ጊዜ 02:20 የሚያልቅ፣ ሲከብደው 02:40 የሚደርስ ከሆነ የአንድ ሰዓት ትዕግስት ስጡት። 03:00 ላይ ፒንግ ከሌለ በእርግጥ ችግር አለ ማለት ነው። ትዕግስቱን 15 ደቂቃ ካደረጋችሁት በየሌሊቱ በከንቱ ይቀሰቅሳችኋል፣ ሰው ደግሞ በከንቱ የሚጮኽ ነገርን ቶሎ ነው ጆሮ ዳባ ልበስ የሚለው። የሰዓት ዞኑንም አመሳስሉ፤ ሰርቨሩ በዩቲሲ እየሄደ ተቆጣጣሪው በሌላ ዞን ከቆጠረ ሥራው ሳይዘገይ ዘገየ ይባላል።

ተቆጣጣሪው ሥራው ያለበት ሰርቨር ላይ አይቀመጥ። ሰርቨሩ ሲሞት አብሮ ይሞታል፣ ያኔ የሚጮኽ የለም። ሄልዝቼክስ እና ክሮኒተር የመሳሰሉ አገልግሎቶች ለዚህ የተሠሩ ናቸው። ሄልዝቼክስ ኮዱ ክፍት ስለሆነ በራሳችሁ ሌላ ማሽን ላይም መጫን ትችላላችሁ።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ሄልዝቼክስ የመጀመሪያው ፒንግ እስኪደርሰው ቆጠራ አይጀምርም። የፒንጉን አድራሻ ፈጥራችሁ የክሮን መስመሩ ላይ በስህተት ብትገለብጡት "አዲስ" እንደተባለ ይቀመጣል እንጂ አይጮኽም። ስለዚህ ልክ እንደጨረሳችሁ ትዕዛዙን አንዴ በእጃችሁ አስነሱትና ፒንጉ መድረሱን እዩ። ከዚያ የክሮን መስመሩ መጀመሪያ ላይ `#` አድርጋችሁ ለአንድ ሌሊት አስቁሙት። ጠዋት ማስጠንቀቂያው ስልካችሁ ላይ ከሌለ፣ የማሳወቂያ ቅንብሩን ካስተካከላችሁ በኋላ ነው `#`ውን የምታነሱት።