ኢፌክት ሳይዝ 0.5 ሲባል ምን ማለት ነው?

እንበል 40 ሰው ለድብርት የንግግር ሕክምና ወሰደ፣ ሌላ 40 ሰው ወረፋ ጠበቀ። በፒኤችኪው-9 መጠይቅ (ከ0 እስከ 27 ነው የሚቆጥረው) የታከሙት ወረፋ ከጠበቁት በአማካይ በ3 ነጥብ ተሻሉ። የሰዎቹ ነጥብ የሚበታተንበት ልክ፣ ማለትም ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 6 ከሆነ፣ 3 ለ6 ሲካፈል 0.5 ይመጣል። ኢፌክት ሳይዝ ይሄ ነው፤ "መካከለኛ" ይሉታል።

እኔ ግን ቶሎ ብዬ የማየው ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉን፣ ማለትም እውነተኛው ልዩነት ሊያርፍበት የሚችለውን ክልል ነው። እዚህ በነጥብ ከ0.3 እስከ 5.7 ገደማ ይሆናል። ዜሮን ስላልነካ "ሕክምናው ሠርቷል" ተብሎ ይጻፋል፤ ነገር ግን ታካሚ በኑሮው የሚያስተውለው ለውጥ ብዙ ጊዜ 5 ነጥብ አካባቢ ነው ስለሚባል፣ እውነተኛው ውጤት ከምንም ብዙ የማይሻልም፣ ትልቅ እፎይታም ሊሆን ይችላል። ማነጻጸሪያው ወረፋ ጠባቂ ሲሆን ደግሞ ቁጥሩ ያብጣል።